ጥቁሩ ጥቁር የሚሆነው ከየት ሲታይ ነው?

የፊልሙ ትዕይንት ሌሊት ነው። አንድ ሰው በጫካ ውስጥ ቀስ እያለ ይራመዳል፣ ስክሪኑ ከሞላ ጎደል ጨለማ ነው። ከታች ነጭ የትርጉም ጽሑፍ ብቅ ሲል በፊደሎቹ ዙሪያ ያለው ጨለማ ይገረጣል፤ ጽሑፉ ሲጠፋ ግራጫውም አብሮት ይጠፋል። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ይህን ልብ ላይለው ይችላል። በጎን በኩል ካለው ሶፋ የሚያየው ግን በእያንዳንዱ አረፍተ ነገር ያስተውለዋል፤ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ብሎም ይጠረጥራል።

አልተበላሸም። የሚታየው ነገር የመጣው ከሁለት ነገሮች ነው። አንዱ ፓነሉ የተሠራበት ዓይነት፣ ቪኤ ወይም አይፒኤስ መሆኑ ነው። ሌላው ከፓነሉ ጀርባ ያለው ብርሃን በስንት ዞን እንደተከፈለ ነው። ሻጮች ስለ ሁለቱም ይነግሩናል፤ የሚነግሩን ግን እንደማይገናኙ ሁለት ቁጥሮች ነው። ስክሪኑ ላይ ግን አንዱ የሌላውን ድክመት ይሸፍናል ወይም ያጋልጣል፤ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ ተመልካቹ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቴሌቪዥን፣ ካርቶኑ ላይ ኤልኢዲ ቢባል፣ ኪውኤልኢዲ ቢባል ወይም ሚኒ ኤልኢዲ ቢባል፣ ውስጡ ኤልሲዲ ነው። ኦኤልኢዲ የተባለው ብቻ የተለየ ነው፤ በእሱ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ስለሚበራና ራሱ ስለሚጠፋ ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው ችግር የለበትም። በኤልሲዲ ግን ብርሃን የሚያመነጩት ከኋላ የተደረደሩ ጥቃቅን አምፖሎች ናቸው። ከፊታቸው ያለው ፓነል በራሱ አያበራም፤ ሥራው ብርሃኑን ማሳለፍ ወይም ማገድ ነው። ለዚህም ፖላራይዘር የሚባሉ ሁለት ስስ ማጣሪያዎች አሉት። የመጀመሪያው ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየተርገበገበ እንዲያልፍ ያደርገዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ተሻግሮ ስለተለጠፈ ያንኑ ብርሃን ያግደዋል። በመካከላቸው ያለው ፈሳሽ ክሪስታል የብርሃኑን አቅጣጫ ሲቀይረው ብርሃኑ ያልፋል፣ ነጥቡም ይበራል። ሳይቀይረው ሲቀር ይታገዳል፣ ነጥቡም ይጨልማል።

ይህ እገዳ ግን ሙሉ አይደለም። ሁልጊዜ ጥቂት ብርሃን ሾልኮ ያልፋል፤ ጥቁር ብለን የምናየውም ያ ሾላኪ ብርሃን ነው። ኮንትራስት የሚባለው ቁጥር የሚነግረን ይህንኑ ነው፦ አንድ ፓነል ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚያሳልፈው ብርሃን፣ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከሚያሾልከው ስንት እጥፍ ይበልጣል? የተለመደ የአይፒኤስ ፓነል 1,000 ለ 1 አካባቢ ነው። የቪኤ ፓነል ከ3,000 ለ 1 እስከ 6,000 ለ 1 ይደርሳል። የብርሃን ጥንካሬ በኒት ይለካል፤ ነጩ 500 ኒት የሆነ ቴሌቪዥን እንውሰድ። ፓነሉ አይፒኤስ ከሆነ ጥቁሩ ግማሽ ኒት ያበራል። 5,000 ለ 1 የሆነ ቪኤ ከሆነ አንድ አሥረኛ ኒት ያበራል። መብራት በበራበት ሳሎን ይህ ልዩነት እምብዛም አይታይም፤ ስክሪኑ ከክፍሉ መብራት የሚያንጸባርቀው ብቻ ግማሽ ኒት ሊደርስ ይችላልና። መብራቱ ሲጠፋ ግን ዓይን ጨለማውን ይለምዳል፤ ያኔ ግማሽ ኒት ግራጫ ሆኖ ይታያል፣ አንድ አሥረኛው ደግሞ ወደ ጥቁር ይጠጋል።

የአምስት እጥፉ ልዩነት ከየት መጣ? ከክሪስታሎቹ አተኛኘት። የፈሳሽ ክሪስታል ሞለኪውሎች ረዘም ያሉ ናቸው፤ ብርሃን በቁመታቸው ሲያልፍና በወርዳቸው ሲያልፍ የሚደርስበት ነገር ይለያያል። በቪኤ ፓነል፣ ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ጊዜ፣ ሞለኪውሎቹ መስታወቱ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ከኋላ የሚመጣው ብርሃን በቁመታቸው ስለሚያልፍ አቅጣጫው አይነካም፤ እንደመጣ ሄዶ ሁለተኛው ፖላራይዘር ላይ ይቆማል። ኤልሲዲ ከሚሰጠን ጥቁር ሁሉ ይህ የተሻለው ነው። ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ሞለኪውሎቹ ያዘነብላሉ፤ ባዘነበሉ መጠንም የሚያልፈው ብርሃን ይጨምራል። ይህን አሠራር በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ለገበያ ያበቃው የጃፓኑ ፉጂትሱ ነው።

በአይፒኤስ ፓነል ደግሞ ሞለኪውሎቹ መጀመሪያውኑ ከመስታወቱ ጋር ትይዩ ሆነው ይተኛሉ። ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው አይነሱም፤ እንደተኙ በዚያው ወለል ላይ ይዞራሉ። ይህንንም በዚያው ዘመን ወደ ገበያ ያወጣው ሌላው የጃፓን ኩባንያ ሂታቺ ነው። የተኙት ሞለኪውሎች ጥቁር የሚሰጡት በትክክል ከፖላራይዘሩ አቅጣጫ ጋር ሲሰለፉ ብቻ ነው። ከአሰላለፉ በጥቂቱ ያፈነገጠ ሞለኪውል ሁሉ ጥቂት ብርሃን ያሳልፋል። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ነጥቦች ላይ እነዚያ ጥቂት ጥቂቶች ሲደመሩ የአይፒኤስ ጥቁር ገርጣ ይላል።

ታዲያ አይፒኤስን ማን ይፈልገዋል? መልሱ ያለው ከጎን ሲታይ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ የጤፍ ማሳ ነፋስ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብለው፣ ነፋሱ በመጣበት በኩል የቆመ ሰውና በማዶ የቆመ ሰው የሚያዩት ቀለም አንድ አይሆንም፤ አንዱ ዘለላውን ያያል፣ ሌላው አገዳውን። በቪኤ ፓነል ውስጥ ግማሽ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ እንደዚያ ማሳ ነው። ሞለኪውሎቹ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብለዋል። ባዘነበሉበት በኩል ያለው ተመልካች በቁመታቸው አቅጣጫ ስለሚያያቸው ነጥቡ ይጨልምበታል። በሌላው በኩል ያለው በወርዳቸው ስለሚያያቸው ይፈካበታል። ኤሌክትሪኩ አንድ ነው፣ ምስሉም አንድ ነው፤ ሁለት ሰዎች ግን ሁለት ብርሃን ያያሉ።

መሐንዲሶቹ ለዚህ ያገኙት መላ እያንዳንዱን ነጥብ ወደ አራት፣ አንዳንዴም ወደ ስምንት ክፍል መከፋፈልና ሞለኪውሎቹን በየክፍሉ ወደተለያየ አቅጣጫ እንዲያዘነብሉ ማድረግ ነው። ዓይን እነዚህን ክፍሎች ለይቶ ስለማያያቸው አንዱ የጨለመው በሌላው በፈካው ይካካሳል። ይህ መላ ባይኖር ቪኤ ለቴሌቪዥን ባልዋለ ነበር። ግን ማካካሻው ሙሉ አይደለም። የጨለመው የሚጨልምበት መጠንና የፈካው የሚፈካበት መጠን እኩል ስላልሆነ አማካዩ ወደ ፍካት ያደላል። ለዚህ ነው ቪኤን ከጎን ሲያዩት የሰው ፊት የሚነጣው፣ የሜዳው ሣር የሚገረጣው፣ ደማቁ ቀይ ወደ ሮዝ የሚሄደው። ነጩና ጥቁሩ ብዙም ሳይለወጡ መካከለኛዎቹ ቀለሞች ናቸው ወዛቸውን የሚያጡት።

አይፒኤስ ላይ ሞለኪውሎቹ ዘንበል ስለማይሉ ከግራ የሚያይም ከቀኝ የሚያይም በወርዳቸው ያያቸዋል። ስለዚህ ቀለሙ ከጎንም ቀለሙን ይጠብቃል። የሚከዳው ጥቁሩ ነው። ሁለቱ ፖላራይዘሮች ተሻግረው የሚታዩት ፊት ለፊት ሲታዩ ነው። በተለይ ወደ ስክሪኑ ማዕዘን በሚወስደው ሰያፍ አቅጣጫ፣ ከላይ ወይም ከታች እና ከጎን በአንድ ጊዜ ሲታዩ፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ቀጥ ያለ መሆኑን ያጣል፤ እገዳው ይላላል፣ ብርሃን ይሾልካል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የአይፒኤስ ማዕዘኖች ላይ የሚታየው ነጣ ያለ ወጋገን ይህ ነው። ቪኤም ከዚህ ችግር አያመልጥም፤ በሁለቱም ላይ የማካካሻ ፊልም ይለጠፋል፣ ነገር ግን የሚቀንሰው እንጂ የሚያጠፋው አይደለም።

እዚህ ላይ የገዢውን ዓይን የሚያታልል አንድ ቁጥር አለ። የአይፒኤሱም የቪኤውም መግለጫ ወረቀት የእይታ ማዕዘን 178 ዲግሪ ይላል፤ ማለትም ከሞላ ጎደል ከግድግዳው ጋር ተለጥፈው ቢያዩት እንኳ ይታያል ማለት ነው። ይህ ቁጥር የሚለካው ኮንትራስቱ ወደ 10 ለ 1 እስኪወርድ ድረስ ነው። ፊት ለፊት 5,000 ለ 1 የነበረ ፓነል ከጎን 10 ለ 1 ሲቀረው ገና በ178ቱ ውስጥ ነው። ቀለሙ ምን ይሆናል የሚለውን መለኪያው አይጠይቅም። ይህ ቁጥር ሁለቱን ፓነሎች ለማነጻጸር አይረዳም፤ ሻጭ ቢጠቅሰውም መስማት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዞኖቹ እንሂድ። ፓነሉ ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ማገድ ካልቻለ፣ ብርሃኑን ከምንጩ ማጥፋትስ? ሎካል ዲሚንግ ማለት ይህ ነው። ከኋላ ያሉት አምፖሎች በቡድን በቡድን ይከፈላሉ፣ እያንዳንዱ ቡድን ዞን ይባላል፤ ምስሉ በጨለመበት ዞን አምፖሎቹ ይደበዝዛሉ ወይም ይጠፋሉ። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ገና ሲጀመር አንድ ከባድ ጥያቄ ተነስቶበት ነበር፦ ነጥቦቹ ሚሊዮኖች፣ አምፖሎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው እንዴት ይሠራል? በካናዳ ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ተመራማሪዎች ያቋቋሙት ብራይትሳይድ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ባለ 37 ኢንች ስክሪን ሠርቶ አሳየ። ከጀርባው 1,380 ለየብቻ የሚታዘዙ ኤልኢዲዎች ነበሩት። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዶልቢ ኩባንያውን ገዛው።

የእነሱ መልስ የሰው ዓይን ላይ የተመሠረተ ነበር። ደማቅ ብርሃን ዓይናችን ውስጥ ሲገባ ጥቂቱ ይበተናል፤ ስለዚህ ከደማቅ ነገር አጠገብ ያለውን ጨለማ በትክክል ለይተን አናይም። ዞኑ ትንሽ ከሆነ፣ ከደማቁ ነገር ዙሪያ የሚያፈሰው ወጋገን ዓይናችን ራሱ በሚፈጥረው መጋረጃ ውስጥ ይደበቃል። ዞኑ ትልቅ ከሆነ ወጋገኑ ከመጋረጃው አልፎ ይወጣል፣ ያኔ እናየዋለን። የዞን ብዛት ለምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳው ይህ ነው፤ ብዛቱ የሚፈለገው እያንዳንዱን ለማሳነስ ነው።

ወደ ሌሊቱ ፊልም እንመለስና በቁጥር እንየው። ባለ 65 ኢንች ስክሪን 144 ሴንቲ ሜትር በ81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 60 ዞን ብቻ ካለው፣ አሥር በስድስት ቢደረደሩ፣ እያንዳንዱ ዞን ከ14 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋትና ከ13 በላይ ቁመት አለው። 70 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የትርጉም መስመር ሲወጣ ቢያንስ አምስት ስድስት ዞን ይበራል፤ ፊደሎቹ ግን አራት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞሉም። በዚያ ሰፊ መደብ ላይ ጨለማ መሆን ያለበት ቦታ ሁሉ ሙሉ ብርሃን ከኋላው አለው። ዞኖቹ 500 ቢሆኑ እያንዳንዱ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ጎን ያለው አራት ማዕዘን ይሆናል፤ መደቡ ከፊደሎቹ ብዙም አይሰፋም። እዚያም ቢሆን አንድ ዞን ከ16,000 በላይ ነጥቦችን ይሸፍናል። በዞኖቹ መካከል ግድግዳ ስለሌለም የአንዱ ብርሃን ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል፤ ባይፈስማ ኖሮ የዞኖቹ ድንበር እንደ ቼዝ ሰሌዳ ይታይ ነበር።

አሁን ወሳኙ ነጥብ። በበራ ዞን ውስጥ ጨለማውን የሚጠብቀው ፓነሉ ብቻ ነው። ሎካል ዲሚንግ የሚሠራው በዞንና በዞን መካከል ነው፤ በአንድ ዞን ውስጥ ያለ ነጭና ጥቁርን መለየት አይችልም። ስለዚህ ነጩ ጽሑፍ 500 ኒት ከሆነ፣ በዙሪያው ያለው ጥቁር በአይፒኤስ ግማሽ ኒት፣ በቪኤ አንድ አሥረኛ ኒት ነው፤ የዞኑ ብዛት ይህን ቁጥር አይለውጠውም። የሚለውጠው ወጋገኑ የሚይዘውን ቦታ ነው። ዞን ወጋገኑን ያጠብበዋል፣ ፓነል ያደበዝዘዋል። ሎካል ዲሚንግ ባይኖር ኖሮ ግማሹ ኒት በስክሪኑ ሁሉ ላይ እኩል ተነጥፎ ስለሚኖር ብዙ ሰው አያስተውለውም ነበር። አሁን ግን አጠገቡ ያለው ዞን ጠፍቷል፤ ግራጫው ከእውነተኛ ጨለማ ጎን ቆሟል፣ ጽሑፉን ተከትሎም ይመጣል ይሄዳል። ዓይን የሚይዘው ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን ነው። ዞኑ ጥቂት የሆነ አይፒኤስ ቴሌቪዥን ሎካል ዲሚንጉ ተዘግቶ ሲታይ የተሻለ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው፣ እኔም ለእንዲህ ያለው እንዲዘጋ እመክራለሁ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው አንድ ቴሌቪዥን ያልሆነ ዕቃ ነው። አፕል በ2021 ያወጣው ባለ 12.9 ኢንች አይፓድ ፕሮ ከጀርባው 2,596 ዞኖች አሉት። የስክሪኑ ስፋት ሲካፈል እያንዳንዱ ዞን ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ጎን ይኖረዋል፤ ከየትኛውም ትልቅ ቴሌቪዥን ዞን እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ተጠቃሚዎች በጨለማ ክፍል ውስጥ በነጭ ጽሑፍና ምልክት ዙሪያ ወጋገን እንደሚያዩ በሰፊው አማረሩ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ፓነሉ አይፒኤስ ነው፤ በበራ ዞን ውስጥ ያለው ጥበቃ 1,000 ለ 1 አካባቢ ነው። በተጨማሪም አይፓድ የሚታየው ከክንድ ርቀት ባነሰ ቅርበት ነው፤ ሶስት ሜትር ርቆ የሚጠፋ ወጋገን በዚያ ቅርበት ከዓይን መጋረጃ ውጪ ይወጣል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ኮንትራስት ግን 1,000,000 ለ 1 ነበር። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚገኘው ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ሲሆን ያለውን ብርሃን፣ አምፖሎቹ በሙሉ ሲጠፉ ካለው ጋር በማነጻጸር ነው። ነጭና ጥቁር በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ሲሆኑ፣ ማለትም ማንኛውም ፊልም በሚታይበት ሁኔታ፣ የሚደርሰውን አይናገርም። እሱን የሚለካው ስክሪኑን እንደ ዳማ መጫወቻ በነጭና በጥቁር አራት ማዕዘኖች ሞልቶ የሚደረገው ልኬት ነው፤ ያ ቁጥር በሻጭ ወረቀት ላይ አይገኝም።

ዞኖቹን የሚያዘው ፕሮግራምም የራሱ ድርሻ አለው። ከዋክብት የሞሉበት ሰማይ ይሰጠው። በዞኑ ውስጥ ያለውን በጣም ደማቅ ነጥብ ተከትሎ ቢያበራ፣ ኮከቦቹ በሙሉ ድምቀታቸው ይወጣሉ፣ ሰማዩ ግን ይገረጣል። የዞኑን አማካይ ተከትሎ ቢያበራ፣ አማካዩ ጨለማ ስለሆነ ሰማዩ ጥቁር ይሆናል፣ ትናንሾቹ ኮከቦች ግን ይጠፋሉ። ሁሉም አምራች በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ይመርጣል። ፓነሉ አይፒኤስ ሲሆን ወጋገኑን ለመሸሽ ወደ ማደብዘዝ ማድላት ይገደዳል፤ ቪኤ ሲሆን ፓነሉ ስለሚያግዘው በድፍረት ማብራት ይችላል። ስለዚህ የዞን ብዛታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቴሌቪዥኖች በአንድ ፊልም ላይ አንዱ ከዋክብቱን ሊያሳይ፣ ሌላው ሊያጠፋቸው ይችላል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ነው። ብዙ የኛ ሳሎኖች ግን ሶፋ የሚደረደረው ግድግዳ ግድግዳውን ነው፤ እንግዳ ሲመጣ እንዲተያይ እንጂ ቴሌቪዥን እንዲያይ አይደለም። ቴሌቪዥኑ መሃል ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ ከጎን ሶፋ ላይ ያለው ሰው ከስክሪኑ መሃል ሁለት ሜትር ወደ ጎን፣ ሁለት ሜትር ወደ ፊት ርቆ ይቀመጣል እንበል፤ የሚያየው በ45 ዲግሪ ነው። ከእሱ አንድ ሜትር ወደ ግድግዳው የቀረበው ከ60 ዲግሪ በላይ ነው። በእነዚህ ማዕዘኖች ቪኤ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ጥቁሩም ይዳከማል፤ ፊት ለፊት 5,000 ለ 1 የነበረው ከሺህ በታች ሊወርድ ይችላል። ፓነሉ የሚያደበዝዘውን ወጋገን ማደብዘዝ አቃተው ማለት ነው። ጽሑፉ ዙሪያ ያለው ግራጫ ከጎን ሶፋ የሚታየው፣ ከፊት ለፊት የማይታየው ለዚህ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ አምፖሎቹና ፓነሉ መካከል ክፍተት ስላለ፣ ከጎን ሲታዩ የበራው ዞንና ከፊቱ ያለው ነገር በጥቂቱ ተዛንፈው ይታያሉ፣ ወጋገኑም ወደ አንድ ወገን ያመዝናል። በቅርብ ለተቀመጠ ሰው ችግሩ መሃል ሆኖም አይቀርለትም። ከ65 ኢንች ስክሪን ሁለት ሜትር ርቆ መሃል ላይ የተቀመጠ ሰው የስክሪኑን ጠርዝ የሚያየው በ20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የቪኤ ቀለም መገርጣት እዚያ ይጀምራል።

ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው ክፍሉን በማየት ነው። ቤቱ ሰፊ፣ ተመልካቹ ብዙ፣ የሚታየው በአብዛኛው ኳስና ዜና፣ መብራቱም የበራ ከሆነ አይፒኤስ ይሻላል። የኳስ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ብሩህ ስለሆነ ዞኖቹ የሚያጠፉት ጨለማ የለም፤ ብዙ ዞን ለመግዛት የተከፈለው ገንዘብ በዚያ ሰዓት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ኳስ የሚያሳዩ ቡና ቤቶችም ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ ለሚቀመጥ ደንበኛ ሣሩ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቀጥል የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ማታ መብራት አጥፍተው፣ አንድ ሁለት ሆነው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ፊልም ለሚያዩ ግን ቪኤ ከብዙ ዞን ጋር በግልጽ ይበልጣል። በጀቱ ጠባብ ሆኖ ዞን የሌለው ወይም ጥቂት ዞን ያለው ብቻ ከተገኘ፣ ለጨለማ ክፍል ቪኤውን መምረጥ ከዞን ቁጥር ይልቅ ይጠቅማል። ጥሩ ኮንትራስት ያለው ፓነል ያለ ዞንም ይረዳል፤ ጥሩ ያልሆነ ፓነል ግን ዞን ሲበዛለትም በበራው ዞን ውስጥ ያው ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ወጋገኑ የሚያስቸግር ከሆነ ሁለት ነገር ይሞከራል። የትርጉም ጽሑፉን ቀለም መለወጥ የሚቻል ከሆነ ከነጭ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማድረግ ነው። ጽሑፉ ከ500 ወደ 100 ኒት ቢወርድ ዞኑ የሚፈልገው ብርሃን ወደ አምስተኛ ይቀንሳል፤ በዙሪያው የሚሾልከውም በዚያው ልክ ይወርዳል። ሁለተኛው ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ግድግዳውን ብቻ የምታበራ ደብዛዛ መብራት ማኖር ነው። ስክሪኑ አይለወጥም፤ ዓይን ግን ሙሉ ጨለማ ስላልለመደ ግማሹን ኒት ለይቶ ማየት ይሳነዋል።

ሱቅ ውስጥ ዓይነቱን ለማወቅ ሻጩን ማመን አያስፈልግም። የአንድ ሞዴል ስም በሁሉም መጠን አንድ ፓነል አለው ማለት አይደለም፤ ባለ 55 ኢንቹ ቪኤ ሆኖ ባለ 50ው አይፒኤስ የሚሆንበት ጊዜ አለና ለመግዛት የታሰበውን መጠን ራሱን ማየት ይገባል። ነጭ ምስል አስከፍተው የስልክዎን ካሜራ በጣም አስጠግተው ያንሱና ፎቶውን ያጉሉት። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍሎቹ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ በውስጣቸውም የተከፋፈሉ አራት ማዕዘኖች ከሆኑ ፓነሉ አብዛኛውን ጊዜ ቪኤ ነው። እንደ ቀስት ጫፍ የተሰበሩ ወይም ያዘነበሉ ከሆኑ አይፒኤስ ወይም የእሱ ዘመድ ነው። ከዚያ የሰው ፊት ያለበት ምስል ይከፈት፣ እርስዎም ከመሃል ወደ ጎን ቀስ ብለው ይሂዱ። ፊቱ እየነጣ ከሄደ ቪኤ ነው፤ ፊቱ ሳይለወጥ ጥቁሩ ብቻ ከነጣ አይፒኤስ ነው።

ዞኖቹን ለማየት ደግሞ መሃሏ ላይ ትንሽ ነጭ አራት ማዕዘን የምትንቀሳቀስበት ጥቁር ቪዲዮ በፍላሽ ይዞ መሄድ ይበቃል። ሱቁ ብርሃን ስለሚበዛበት ስክሪኑ ላይ የሚያርፈውን መብራት በእጅ ወይም በካርቶን መከለል ያስፈልጋል። ነጩ ሲንቀሳቀስ ወጋገኑ አብሮት ለስላሳ ሆኖ ከሄደ ዞኖቹ ትናንሽ ናቸው። ነጩ እየሄደ ወጋገኑ ቆሞ ቆይቶ በድንገት ወደሚቀጥለው ቦታ ከዘለለ ዞኖቹ ትላልቅ ናቸው። ከላይ እስከ ታች ድረስ ወጥ ዘንግ ሆኖ ከበራ አምፖሎቹ ከኋላ ሳይሆን ጠርዝ ላይ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን ሎካል ዲሚንግ አለው ቢባልም ለዚያ ስም ተጨማሪ ብር መክፈል አይገባም። ይህንኑ ቪዲዮ አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ቤትዎ ያለው የጎን ሶፋ ከሚያሳይበት ማዕዘን ይዩት።